ለትምህርት ቤት ሲስተም የሚላክ ፕሮፖዛል፦ ሥራው የት እንደሚያልቅ እንዴት ይጻፋል?

ጎንደር ውስጥ ለግል ትምህርት ቤት ሲስተም የሚሠራ ፍሪላንሰር አግኝታችሁ «አለቀ?» ብትሉት መልሱ ብዙ ጊዜ «ትንሽ ቀርቷል» ነው። በዓመቱም ብትጠይቁት ትንሽ ቀርቷል። ኮድ መጻፍ አቅቶት አይደለም። በላከው ፕሮፖዛል ላይ ሥራው የት ጋ እንደሚያልቅ አልተጻፈም።

እኔም ቀምሼዋለሁ። የመጀመሪያው ፕሮፖዛሌ ላይ «የውጤት ሞጁል» የሚል አንድ መስመር ነበር። ለእኔ ማርክ ማስገቢያ ገጽና አማካይ ማለት ነበር። ለትምህርት ቤቱ ግን ሮስተር፣ ካርድ፣ ደረጃ፣ የወላጅ መፈረሚያ፣ የአምናና የካቻምና ውጤት ሁሉ ማለት ነበር። በሁለት ቃል ምክንያት ሁለት ወር በነጻ ሠራሁ። እነሱ አላጭበረበሩኝም። ያልጻፍኩት እኔ ነኝ።

መመሪያው አንድ ምሳሌ ይዞ ይሄዳል። አዘዞ አካባቢ ያለ፣ ከኬጂ እስከ 8ኛ ክፍል የሚያስተምር፣ 640 ተማሪ ያለው የግል ትምህርት ቤት እንበል። ትምህርት ቤቱ የምሳሌ ነው፤ ቁጥሮቹም ለስሌት የተመረጡ ናቸው።

## ደረጃ 1፦ ወረቀታቸውን ሰብስቡ

ላፕቶፕ ሳትከፍቱ ትምህርት ቤቱ ሂዱ። ባለቤቱን ወይም ርዕሰ መምህሩን አነጋግራችሁ ብቻ አትመለሱ። እነሱ የሚነግሯችሁ የሚፈልጉትን ነው። ሥራው በትክክል እንዴት እንደሚሠራ የሚያውቀው ሪከርድ ቢሮ የተቀመጠው ሰው ነው። እዚያ ግማሽ ቀን ተቀመጡ።

የፈተና ሳምንት አትሂዱ፤ ማንም አያናግራችሁም። የምዝገባ ሰሞንም እንዲሁ። ጥሩው ጊዜ ትምህርት ተጀምሮ ግርግሩ ሲበርድ ወይም ሰኔ ላይ ካርድ ከተሰጠ በኋላ ነው።

ስትመለሱ እጃችሁ ላይ አራት ነገር ይኑር፦

1. ባዶ የተማሪ ካርድ፣ የፊቱም የጀርባውም።
2. የአንድ ሴክሽን የአምና ሮስተር ፎቶ። የተማሪዎቹን ስም በወረቀት ሸፍናችሁ አንሱ።
3. የምዝገባ ቅጽ።
4. የክፍያ ደረሰኝ ቅጂና ገንዘብ ያዥዋ የምትጽፍበት መዝገብ አንድ ገጽ።

ስም ሸፍኑ ያልኩት ለወግ አይደለም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ የልጆች ውጤት ደግሞ በስልካችሁ ይዛችሁት የምትዞሩት ነገር አይደለም። ለናሙና የሚያስፈልጋችሁ የሰንጠረዡ ቅርጽ ነው እንጂ የማን ልጅ ስንት እንዳመጣ አይደለም።

ካልሰጧችሁ፦ አንዳንድ ቦታ «ፕሮፖዛሉን መጀመሪያ አምጣ፣ ከዚያ እንሰጥሃለን» ይላሉ። ባዶ ካርድና ባዶ ሮስተር ብቻ ለምኑ፤ ምስጢር የለበትም። እሱንም ካልሰጡ ፕሮፖዛል ሳይሆን የአንድ ገጽ ደብዳቤ ላኩ፤ ዋጋ አትጻፉበት። ያላያችሁትን ካርድ ዋጋ መቁረጥ ያላያችሁትን በሬ በስልክ እንደመግዛት ነው።

## ደረጃ 2፦ የሮስተሩን ሕግ አውጡ

አብዛኛው ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። ምዝገባና ክፍያ ብዙም አያጣሉም። ሮስተር ግን የእያንዳንዱ ትምህርት ቤት የራሱ ሕግ አለው፤ ሕጉም የትም አልተጻፈም፤ በሪከርድ ሠራተኛዋ ጭንቅላት ውስጥ ነው ያለው።

ስለዚህ ጠይቁ፤ ግን «አማካይ እንዴት ነው የምታወጡት?» ብላችሁ አትጠይቁ። «ደምረን እናካፍላለን» ትላችኋለች። አንድ ተማሪ ውሰዱና እሷ ፊት ለፊታችሁ ታስላው።

ዘጠኝ ትምህርት የሚማር ልጅ እንበል። ማርኩ 82፣ 76፣ 91፣ 68፣ 74፣ 88፣ 79፣ 85 እና 72 ነው። ድምሩ 715፣ አማካዩ 79.44። እስከዚህ ሁሉም ይስማማል። አሁን ይኸው ልጅ በሕመም ምክንያት የመጨረሻውን ትምህርት አልተፈተነም በሉ። ምን ይጻፋል?

ይህን ጥያቄ አንድ ሪከርድ ቢሮ ውስጥ ጠይቄ ነበር። «ዜሮ ነው የምትሞሉት እትዬ?» ስላቸው በመነጽራቸው በላይ አዩኝ። «ኧረ ልጄ፣ ዜሮማ ተፈትኖ ለወደቀ ነው። ላልተፈተነ ሰረዝ ነው» አሉኝ። ያ ሰረዝ ሲስተም ውስጥ ምን ያህል እንደሚያጣላ ያኔ ነው የገባኝ።

ኤክሴል ላይ ሞክሩት። ዘጠነኛው ሳጥን ውስጥ ሰረዝ አድርጉና ሁለቱን ቀመሮች ጻፉ፦

```
=AVERAGE(C2:K2)
=SUM(C2:K2)/9
```

የመጀመሪያው ሰረዙን ዘሎ 643ን ለ8 ያካፍላል፤ 80.38 ይሰጣል። ሁለተኛው 643ን ለ9 ያካፍላል፤ 71.44 ይሰጣል። ያው ልጅ፣ ያው ማርክ፤ በአንዱ ከ80 በላይ ነው፣ በሌላው ከ72 በታች። ወላጅ ቢሮ በር ላይ ሲቆም ተጠያቂው ሲስተሙን የሠራው ሰው ነው። የትኛው ትክክል እንደሆነ የምትወስኑት እናንተ አይደላችሁም። ትምህርት ቤቱ ይወስናል፤ እናንተ ትጽፋላችሁ።

በዚሁ መንገድ እነዚህንም አውጡ፦

እኩል ደረጃ። ሁለት ልጆች እኩል ሦስተኛ ከወጡ ቀጣዩ አራተኛ ነው ወይስ አምስተኛ? የኤክሴሉ `RANK.EQ` አምስተኛ ይለዋል። ብዙ መምህራን ግን በእጅ ሲሠሩ አራተኛ ይላሉ። ሁለቱም ያስኬዳል፤ ቀላቅሎ መሥራት ነው የማያስኬደው።

በሁለተኛው ሴሚስተር የገባ ልጅ። ከሌላ ትምህርት ቤት ተዛውሮ የካቲት ላይ ገባ፤ 84 አመጣ። የዓመቱ አማካይ ሲሠራ ባዶው ሴሚስተር እንደ ዜሮ ከተቆጠረ 42 ይሆናል። የድሮ ትምህርት ቤቱ ውጤት ይገባለታል? ወይስ የአንዱ ሴሚስተር ብቻ ይያዛል? ደረጃስ ይሰጠዋል?

ከደረጃ ውጪ የሆነ ትምህርት። ካርዱ ላይ የሚጻፍ ግን ከድምር ውስጥ የማይገባ ትምህርት አለ? አንዳንድ ቦታ ስፖርት ወይም ሥዕል እንደዚያ ነው። ኬጂ ላይማ ቁጥር ሳይሆን ፊደል ወይም ቃል ሊሆን ይችላል፤ ያ ደግሞ ሌላ ካርድ ነው፤ ሌላ ሥራ ነው።

ከተዘጋ በኋላ የሚስተካከል ማርክ። መምህሩ ተሳስቶ 58ን 85 ብሎ ሞልቷል፤ ሮስተሩ ተፈርሟል። ማን ነው የሚከፍተው? አሮጌው ቁጥር ይቀመጣል? ይህን ሳትጽፉ ሲስተም ካስረከባችሁ አንድ ቀን «ሲስተሙ ነው የቀየረው» ይባላል።

መልሶቹን በእነሱ ቃል ጻፉና በዚያው ቀን መልሳችሁ አንብቡላቸው። ሪከርድ ቢሮና ርዕሰ መምህሩ የተለያየ መልስ ከሰጡ ደስ ይበላችሁ። ጠቡ አሁን ወጣ፣ በካርድ ቀን አልወጣም። ሁለቱን አንድ ላይ አስቀምጡና እስኪስማሙ ጠብቁ። እናንተ አታስታርቁ።

## ደረጃ 3፦ የሥራ ወሰኑን ጻፉ

ፕሮፖዛሉ ከስድስት ገጽ አይለፍ። የመጀመሪያው ገጽ የትምህርት ቤቱን ችግር በሁለት አንቀጽ ይናገር፤ ባያችሁት ነገር፣ በእነሱ ቁጥር። «ዲጂታላይዜሽን» እያላችሁ አታሽሞንሙኑት። ባለቤቱ የሚያነበው ይህን ገጽና የዋጋውን ገጽ ብቻ ነው። መሃሉን የሚያነበው ጠብ ሲነሳ ነው፤ ስለዚህ መሃሉን ለጠብ ቀን ጻፉት።

ለእያንዳንዱ ሥራ ሦስት ነገር ይኑር፦ ማን ይጠቀምበታል፣ ምን ያወጣለታል፣ ማለቁ በምን ይታወቃል። ሦስተኛው ከሌለ መስመሩን አልጻፋችሁትም ማለት ነው።

እንዲህ አትጻፉ፦

> የውጤት ማስተዳደሪያ ሞጁል፦ ማርክ ማስገባት፣ ሮስተር፣ ሪፖርት ካርድ እና የተለያዩ ሪፖርቶች።

«የተለያዩ» የሚለው ቃል ብቻውን ወር ይበላል። «ወዘተ»፣ «እና ሌሎችም»፣ «እንደ አስፈላጊነቱ» የሚሉትንም ፋይሉ ውስጥ ፈልጋችሁ አጥፉ።

እንዲህ ጻፉ፦

> 3.2 ሮስተርና ካርድ (ከ1ኛ እስከ 8ኛ ክፍል)
> መምህሩ የሚያስተምረውን ትምህርት ማርክ ያስገባል። የክፍል ኃላፊው የሴክሽኑን ሮስተር ያያል፤ ርዕሰ መምህሩ ይዘጋል። ከተዘጋ በኋላ ማርክ መክፈት የሚችለው ርዕሰ መምህሩ ብቻ ሲሆን፣ አሮጌው ቁጥር፣ አዲሱ ቁጥር፣ ቀኑና የከፈተው ሰው ይመዘገባሉ።
> ላልተፈተነ ተማሪ ሰረዝ ይሞላል፤ አማካዩ በተፈተነባቸው ትምህርቶች ብዛት ይካፈላል። አማካይ እስከ ሁለት አሃዝ ከነጥብ በኋላ ይጻፋል። እኩል ደረጃ ሲኖር ቀጣዩ ደረጃ ይዘለላል (3፣ 3፣ 5)።
> የሚታተሙት፦ አንድ ዓይነት ሮስተር እና አንድ ዓይነት ካርድ፣ በአባሪ 1 እና 2 በተያያዘው ቅርጽ።
> ማለቁ የሚታወቀው፦ የአምናው የ5ኛ «ሀ» ሮስተር ማርክ ገብቶ፣ ሲስተሙ ያወጣው ድምር፣ አማካይና ደረጃ ከተፈረመው ወረቀት ጋር ሲመሳሰል፤ ልዩነት ካለም ልዩነቱ ከላይ ካለው ሕግ የመጣ መሆኑ ሲታይ ነው።

የመጨረሻው መስመር ትልቁ ዘዴ ነው። ፈተናውን ከእነሱ የድሮ ወረቀት አደረጋችሁት። «አልወደድኩትም» የሚባል ነገር የለም፤ ወይ ይመሳሰላል፣ ወይ አይመሳሰልም። ልዩነት ከመጣ አትደንግጡ፤ አብዛኛውን ጊዜ የእጅ ሮስተሩ ላይ የድምር ስህተት ይገኛል። ያን ሲያዩ ነው ደግሞ የሚያምኗችሁ። ብቻ ስህተቱን በመምህሩ ፊት እየጮኻችሁ አትናገሩ።

ባዶውን ካርድ ስካን አድርጋችሁ እንደ አባሪ ማያያዝ አትርሱ። «ካርዱን እንደ እንትን ትምህርት ቤት አድርግልን» የሚለው ጥያቄ የሚመጣው ካርዱ ሳይያያዝ ሲቀር ነው።

### ስምና ቀን

ሁለት ነገር ለብቻቸው ጻፉ፤ ትንሽ ይመስላሉ።

አንደኛ፣ ስም። የተማሪ ስም በሦስት ሳጥን ይሁን፤ የራሱ፣ የአባት፣ የአያት። ሲፈለግ ደግሞ «ፀሐይ» እና «ጸሃይ»፣ «ኃይሉ» እና «ሀይሉ» አንድ ሆነው መገኘት አለባቸው። ካልጻፋችሁት ገንዘብ ያዥዋ ልጁን ታጣዋለች፤ እንደገና ትመዘግበዋለች፤ አንድ ልጅ ሁለት ሂሳብ ይኖረዋል። ካርድ ላይ የሚታተመው ግን ወላጁ የጻፈው ሆሄ ነው። ፍለጋው ይለስልስ፣ ጽሑፉ አይነካ።

ሁለተኛ፣ ቀን። ሁሉም ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር እንደሚገባና እንደሚታተም፣ ጳጉሜንም እንደሚቀበል ጻፉ። ወርሃዊ ክፍያ ላይ ጳጉሜ ወር ሆና እንዳትቆጠር ደግሞ ለራሳችሁ ማስታወሻ ያዙ።

## ደረጃ 4፦ የማይሠራውን ጻፉ

«የማይካተቱ» የሚል ርዕስ አድርጉና ግልጥ አድርጋችሁ ዘርዝሩ። ደንበኛ ይቀየመኛል ብላችሁ አትፍሩ። የሚቀየመው በመጋቢት ሲሰማ ነው እንጂ በሰኔ ሲያነብ አይደለም።

ለምሳሌያችን ትምህርት ቤት የሚበቃው ይህ ነው፦

- የሞባይል መተግበሪያ
- የሠራተኛ ደመወዝ
- ከዘንድሮ በፊት የነበሩ ዓመታት ውጤት
- የኬጂ ካርድ
- ኮምፒውተር፣ ፕሪንተር፣ ዩፒኤስ እና የኔትወርክ ገመድ
- ለወላጅ የሚላክ የስልክ መልእክት ክፍያ
- የተማሪ መረጃ መጻፍ

የመጨረሻው ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል። 640 ተማሪ ማን ይጽፋል? «እኛ ሲስተም አዘናል፣ አንተ ጨርሰህ አምጣ» ይላሉ። አስሉት። ከምዝገባ ቅጽ ላይ የአንድ ልጅ ስም፣ የትውልድ ቀን፣ የወላጅ ስልክና ሰፈር ለመጻፍ አራት ደቂቃ ይፈጃል ብንል፣ 640 በአራት 2,560 ደቂቃ ነው፤ ወደ 43 ሰዓት። ያለማቋረጥ ከአምስት የሥራ ቀን በላይ ማለት ነው፤ ቅጹ ላይ የማይነበበው ስልክ ሳይቆጠር። ስለዚህ እንዲህ ጻፉ፦ እኔ የኤክሴል ቅጽ አዘጋጃለሁ፣ ትምህርት ቤቱ ይሞላል፣ እኔ አንድ ጊዜ አስገባለሁ። ጸሐፊ አድርጉን ካሉ ዋጋው ለብቻው ይጻፍ።

ካልሞሉትስ? ይህ የተለመደ ነው። ሐምሌ ላይ የተሰጠ ቅጽ መስከረም ላይ ባዶውን ይገኛል። ወሰኑ ውስጥ ይህችን አንድ መስመር ጨምሩ፦ «የተሞላው ቅጽ በዘገየበት ቀን ልክ የማስረከቢያው ቀን ይገፋል፤ ክፍያው ግን አይገፋም»። ሁለተኛዋን ሐረግ ሲያዩ ይከራከራሉ። ተከራከሩ፤ ለእሷ መከራከር ያዋጣል።

መብራትና ኔትወርክንም እዚህ አንሱ። ሲስተሙ ግቢ ውስጥ ባለ አንድ ኮምፒውተር ላይ ነው የሚቀመጠው ወይስ ኢንተርኔት ላይ? ግቢ ውስጥ ከሆነ ኔትወርክ ቢጠፋም ገንዘብ ያዥዋ ትሠራለች፤ ዩፒኤሱ ግን የግድ ነው፤ በየቀኑ ወደ ውጭ ዲስክ ቅጂ የሚወስድ ሰውም በስም መጻፍ አለበት። ኢንተርኔት ላይ ከሆነ ዓመታዊ ኪራዩ በትምህርት ቤቱ ስም ይሁን እንጂ በእናንተ የባንክ ካርድ አይሁን። እኔ ለምዝገባና ለክፍያ ግቢ ውስጥ ያለውን እመርጣለሁ። ምዝገባ ቀን ወላጅ ተሰልፎ «ኔትወርክ የለም» ማለት ሲስተሙን በአንድ ቀን ይገድለዋል።

## ደረጃ 5፦ ቀኑን ከትምህርት ቤቱ ካላንደር ጋር አስሩ

«በሦስት ወር» አትበሉ። ሦስት ወር ከመቼ? ሲስተሙ ሁለት የማይንቀሳቀሱ ቀኖች አሉት፤ ምዝገባና የሴሚስተር መጨረሻ። ከእነሱ ወደ ኋላ ቁጠሩ።

| ሥራ | ቀን |
|---|---|
| ፊርማና ቅድሚያ ክፍያ | ሰኔ 15 |
| የተማሪ ቅጽ ተሞልቶ መመለስ | ሐምሌ 30 |
| ምዝገባና ክፍያ ማስረከብ | ነሐሴ 18 |
| ማርክ ማስገቢያ ማስረከብ | ጥቅምት 15 |
| የሮስተርና ካርድ ሙከራ በአምናው ወረቀት | ታኅሣሥ 15 |
| የመጀመሪያው እውነተኛ ካርድ | ጥር መጨረሻ |
| የነጻ ጥገና ማብቂያ | የካቲት 30 |

ሙከራውን ከታኅሣሥ አጋማሽ አታሳልፉት። ታኅሣሥ 29 ገና ነው፤ ጥር 10 እና 11 ከተራና ጥምቀት ነው፤ በጎንደር በዚያ ሰሞን ሥልጠና ልስጥ የሚል ሰው ከተማዋን አያውቃትም። እንግዳው፣ ታቦቱ፣ ፋሲለደስ መዋኛ፤ መምህሩም ሪከርዷም እዚያ ናቸው። ከበዓሉ ሲመለሱ ደግሞ ፈተና ነው። ስህተት የምታርሙበት ጊዜ ታኅሣሥ ውስጥ ካልነበረ የለም። የምዝገባውንም ሥልጠና ከፍልሰታ በኋላ አድርጉት፤ በጾሙ አብዛኛው ሠራተኛ ፈቃድ ወጥቶ ነው የሚቆያችሁ።

## ደረጃ 6፦ ዋጋና ክፍያ

ዋጋውን ከቀን ብዛት አውጡ። በምሳሌያችን ሥራው 60 የሥራ ቀን ይፈጃል እንበል፤ የቀን ሂሳባችሁ 2,500 ብር ቢሆን 150,000 ይመጣል። ያላያችሁት ነገር ስለማይጠፋ 20 በመቶ ጨምሩ፤ 180,000 ብር። የቀን ሂሳቡን የምትወስኑት በራሳችሁ ወጪ ነው፤ የእኔ ቁጥር ገበያውን አይናገርም።

ክፍያውን በወር አትከፋፍሉ። በሚታይ ሥራ ከፋፍሉ፦ ሲፈረም 30 በመቶ (54,000)፣ ምዝገባና ክፍያ ሲረከቡ 25 በመቶ (45,000)፣ የሮስተር ሙከራው ሲያልፍ 25 በመቶ (45,000)፣ የመጀመሪያው ካርድ ሲታተም 20 በመቶ (36,000)። የመጨረሻውን ከ20 በመቶ በላይ አታድርጉት። መጨረሻ ላይ የሚቀር ገንዘብ «እስቲ ይህችን ብቻ» እየተባለ የሚለጠጥ ገንዘብ ነው።

ከሥሩ ሦስት መስመር ጨምሩ። ዋጋው ተጨማሪ እሴት ታክስን ይጨምራል ወይስ አይጨምርም? ተመዝጋቢ ከሆናችሁ 15 በመቶው በምሳሌያችን 27,000 ብር ነው፤ ካልተጻፈ ከኪሳችሁ ይወጣል። ትምህርት ቤቱ ተቀናሽ ግብር የሚቀንስ ከሆነ የቀነሰበትን ደረሰኝ ይሰጣል በሉ፤ ያ ወረቀት በግብር ጊዜ የእናንተ ገንዘብ ነው። ሦስተኛ፣ «ካስረከብኩ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ በጽሑፍ አስተያየት ካልመጣ ሥራው እንደተረከበ ይቆጠራል»። ያለዚህ መስመር ርዕሰ መምህሩ «አላየሁትም» እያለ ሁለት ወር ያስኬዳል።

«ዋጋው በዛ» ሲሉ፦ ወዲያው አትቀንሱ። ወሰኑን ቀንሱ። «የተማሪ ክፍያ መመዝገቢያውን ለሚቀጥለው ዓመት እናቆየውና ምዝገባና ካርድ ብቻ እንሥራ፤ 15 ቀን ይቀንሳል» በሉ። ሥራው ሳይነካ 180ው 120 ከሆነ መጀመሪያውኑ ልታታልሉ ነበር ብለው ያስባሉ። አይፈረድባቸውም።

## ደረጃ 7፦ የለውጥ ጥያቄ ቅጽ አያይዙ

ግማሽ ገጽ ይበቃል፦ የተጠየቀው ምንድን ነው፣ ስንት ቀን ይጨምራል፣ ስንት ብር፣ የማስረከቢያው ቀን ወዴት ይገፋል፣ ፊርማ። ፕሮፖዛሉ ላይ «በዚህ ቅጽ ያልተፈረመ ጥያቄ የሥራው አካል አይደለም» ይባል።

አስቸጋሪው ቅጹ አይደለም፤ ይሉኝታው ነው። ጥያቄው በስብሰባ አይመጣም። ግቢ በር ላይ፣ እጅ እየተጨባበጣችሁ ነው የሚመጣ።

«አንተ፣ ወላጆች ክፍያቸውን በስልክ ቢያዩት እኮ ጥሩ ነበር።»

«ጥሩ ሐሳብ ነው ጋሼ። ዛሬ ማታ ቅጹ ላይ ልጻፈውና ነገ ይዩት።»

«ትንሽ ነገር እኮ ናት!»

«ትንሽ ከሆነች ቅጿም ትንሽ ትሆናለች።»

«እሺ» ብላችሁ አትሂዱ፤ እሺ ውል ነው። «አይሆንም» ብላችሁም ሰውየውን በር ላይ አታሳፍሩ። ጻፉት። ዋጋው ሲጻፍ ግማሹ ጥያቄ ራሱ ይጠፋል። በእርግጥም ትንሽ ከሆነ፣ አንድ ሰዓት የማይፈጅ ከሆነ፣ በነጻ ሥሩለትና ቅጹ ላይ «0 ብር» ብላችሁ ጻፉ። ሦስት ባለ ዜሮ ቅጽ ፋይሉ ውስጥ ካለ አራተኛው ላይ ዋጋ ስትጠይቁ ማንም ስስታም አይላችሁም።

## ደረጃ 8፦ አላላክ

ፋይሉን በፒዲኤፍ አድርጉት። በወርድ ከላካችሁት የአማርኛው ፎንት በእነሱ ኮምፒውተር ላይ ሲቀየር ሰንጠረዡ ይበታተናል፤ ስድስቱ ገጽ ዘጠኝ ይሆናል። በቴሌግራም ላኩ፤ ግን በዚያ አታቁሙ። ሁለት ቅጂ አትማችሁ በእጅ ውሰዱ። በየገጹ ግርጌ የእናንተና የእነሱ አጭር ፊርማ፣ በመጨረሻው ገጽ የባለቤቱ ፊርማና የትምህርት ቤቱ ማኅተም ይኑር። ርዕሰ መምህሩ ብቻ ከፈረመና በዓመቱ ከለቀቀ፣ የሚተካው «እኔ አላውቀውም» ይላችኋል።

ሽፋኑ ላይ ፕሮፖዛሉ የሚጸናበትን ቀን ጻፉ፤ 30 ቀን በቂ ነው። የምንጭ ኮዱ የማን እንደሚሆን፣ የዋናው አስተዳዳሪ የይለፍ ቃል በማን እጅ እንደሚቀመጥም አንድ አንድ መስመር ይኑረው። እኔ የይለፍ ቃሉን በታሸገ ፖስታ ለባለቤቱ እሰጣለሁ፤ ሲቀበሉ አስፈርማለሁ።

መልስ ሲጠፋ፦ በሳምንቱ አንዴ ደውሉ። በ15ኛው ቀን በአካል ሂዱ፤ ፕሮፖዛሉ አብዛኛውን ጊዜ ጠረጴዛ ላይ በሌላ ወረቀት ሥር ተቀብሮ ነው የምታገኙት። 30ው ቀን አልፎ ነሐሴ ላይ «በል ጀምር» ካሏችሁ በአሮጌው ቀን አትፈርሙ። ሰንጠረዡን አውጡና ምዝገባው እንዳለፈ አሳዩዋቸው። ከዚያ ከማርክ ማስገቢያው የሚጀምር አዲስ ሰንጠረዥና አዲስ ቀን ያለው ገጽ ተክታችሁ፣ የድሮውን ገጽ በፊታቸው ቀድዳችሁ አስፈርሙ።